16.2 ወይስ 17.8? የጣና ዳሯ ሎጅ ብድርና አክሲዮን

የባሕር ዳር ነጋዴዎችና የሒሳብ ሰዎች በምንገናኝበት መድረክ ላይ ባለፈው ሰሞን አንድ ጥያቄ ጥዬ ተኛሁ። ሦስት አራት መልስ ባገኝ ብዬ ነበር። ጠዋት ስነሳ አሥራ አንድ ደርሷል፤ በሳምንቱ 34። አንዳንዱ ጠቀመኝ፣ አንዳንዱ አናደደኝ። ክሩ ረዝሞ ማንም ከላይ ጀምሮ የሚያነበው ስላልሆነ በተራ ልተርከው።

መነሻ ጽሑፍ

ጣና ዳር አንዲት ሎጅ አለችን። አክሲዮን ማኅበር ናት። 40,000 አክሲዮን አላት፤ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ባለድርሻዎቹ አብዛኞቹ ዘመድና ጎረቤት ናቸው። ሒሳቧን የምይዘው እኔ ነኝ። 20 ክፍልና አንድ የስብሰባ አዳራሽ ልንጨምር አስበን 30 ሚሊዮን ብር ፈለግን።

ሁለት መንገድ ቀረበ። አንዱ ከባንክ በ18 በመቶ መበደር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 5.4 ሚሊዮን ይሆናል። ሌላው አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነው። ቦርዱ አንዱን በ1,500 እንሸጣለን ስላለ 20,000 አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ ድምሩ 60,000 ይደርሳል።

እኔ ግብሩን 30 በመቶ ይዤ ስሠራው፣ ወለድና ግብር ሳይነሳለት ያለው ትርፋችን 16.2 ሚሊዮን ሲሆን ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። በብድርም ሆነ በአክሲዮን ለአንድ አክሲዮን 189 ብር ይደርሳል። ትርፉ ከዚያ ካለፈ ብድር፣ ካላለፈ አክሲዮን ይሻላል። ማስፋፊያው ሲያልቅ 19 ሚሊዮን ስለምንጠብቅ፣ ብድር ይሁን ብዬ ለቦርዱ ጻፍኩ። የቦርድ አባል የሆነችው የአክስቴ ልጅ ግን 17.8 መጣልኝ አለች። ግራ ያጋባኝ ደግሞ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ለእሷም ያው 189 መሆኑ ነው። ጥያቄዬ፣ የተሳሳተው ማነው?

መልስ 1

ከዩኒቨርሲቲው የቢዝነስ ማስተርስ ተማሪ ነበር። በጣም በትሕትና ነው የጀመረው። ልዩነቱ ከግብር መምጣት አለበት አለ። የባንክ ወለድ ከግብር በፊት ስለሚቀነስ ብድር 30 በመቶ ቅናሽ እንዳለው ያህል ነው፤ ስለዚህ አንዳችን ሌላ የግብር መጣኔ ሳንጠቀም አንቀርም ሲል ደመደመ። ከግማሽ በላዩ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን አይደለም።

መልስ 2

ወደ ዘጌ ቱሪስት የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት ነው። ጥያቄውን ሌላ አድርጎ ወሰደው። ከኪሳራ የምንወጣው መቼ ነው ያልኩ መስሎት፣ ጀልባ ከጥቅምት እስከ ጥር ከሠራ ነዳጁንም ሠራተኛውንም ይችላል፣ ክረምት ግን አሣ እየበሉ መቀመጥ ነው ብሎ መከረኝ። ስለ ራሱ ጉዳይም ጠየቀ። ለሞተር 400,000 ብር ፈልጓል፤ ከአነስተኛ ብድር ተቋም ልውሰድ ወይስ የአጎቴን ልጅ ላስገባ ነው። ሁለት ሰው ሳቀበት። እንደኔ ከሁላችንም ይልቅ ጥያቄውን የያዘው እሱ ነበር። ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ይመጣል።

መልስ 3

ሃያ ዓመት ኦዲት የሠራች ሴት ናት፤ እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። መልሷ አጭር ነበር። ግብሩ በሁለቱም በኩል እኩል ያባዛል፤ ስለዚህ ነጥቡን ከቦታው አያነቃንቀውም። ግብሩ 30 ይሁን 10፣ የሚገናኙት 16.2 ላይ ነው። የሚለወጠው 189ኙ ብቻ ነው። የሁለታችሁም 189 ከመጣ ደግሞ የተጠቀማችሁት መጣኔ አንድ ነው ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የቆየ ብድር አለባችሁ?

መልስ 4

የኔ ነው። አለብን። ለጄኔሬተርና ለሁለት ጀልባ የወሰድነው፣ 10 ሚሊዮን የቀረው፣ 16 በመቶ የሚከፈልበት። የዓመቱ ወለድ 1.6 ሚሊዮን ነው። 16.2 ላይ 1.6 ሲደመር 17.8። የአክስቴ ልጅ አስገብታዋለች፤ እኔ ሒሳብ ያዥ ተብዬ ረስቻታለሁ። አፍሬ ነው የጻፍኩት።

መልስ 5

እትዬ መረሳቱ የተለመደ ነው ብላ አጽናናችኝ። ሰው ሁለቱን አዲስ መንገዶች ብቻ ሲያወዳድር፣ የድሮው ወለድ በሁለቱም ላይ ስላለ የሚጣፋ ይመስለዋል። አይጣፋም። ቀድሞ ከትርፉ ላይ ይነሳል፤ ውድድሩ የሚጀምረው በቀረው ላይ ነው።

ቀጥላ ያለችው ግን ዓይኔን ገለጠልኝ። ቀመሩን ጥላችሁ እንዲህ አስቡት አለች። ብድር ከወሰዳችሁ ባንኩ ከማዕዳችሁ ላይ በዓመት 5.4 ሚሊዮን ያነሳል። አክሲዮን ከሸጣችሁ አዲሶቹ ሰዎች ከ60 እጅ 20 እጁን፣ ማለትም ሲሶውን ያነሳሉ። ሁለቱ የሚገናኙት የአዲሶቹ ሲሶ ከባንኩ 5.4 ጋር እኩል ሲሆን ነው። ሲሶው 5.4 የሆነ ነገር ሙሉው ስንት ነው?

```
5.4 × 60 ÷ 20 = 16.2
16.2 + 1.6 = 17.8
```

በቃ ይኸው ነው። እኔ ከዚህ በፊት ሁለት መስመር እኩልታ ደርድሬ፣ ቅንፍ እየፈታሁ ነበር የምደርስበት። አሁን ገበያ መንገድ ላይ እየሄድኩ በጭንቅላቴ እሠራዋለሁ።

መልስ 6 እና 7

ተማሪው አልተቀበለም። ድምፁም ሻከር አለ። ግብር ምንም ካላደረገ መምህሮቻችን ስለ ግብር ጥቅም ለምን ያስተምሩናል አለ። እትዬ ምንም አላደረገም አላልኩም ብላ መለሰችለት። ሎጂቱ ብትከስር ከትርፍ የሚነሳ 30 በመቶ ስለሌለ ያ እኩል ማባዛት ይቀራል። በ4 ሚሊዮን ትርፍ ብድሩን ከወሰዱ፣ የአሮጌውና የአዲሱ ወለድ 7 ሚሊዮን ስለሆነ 3 ሚሊዮን ይከስራሉ። ለአንድ አክሲዮን 75 ብር ኪሳራ ነው። ኪሳራውን ወደሚቀጥሉት ዓመታት ማሻገር ይፈቀዳል፤ የግብሩ ጥቅም ግን በዚያ ዓመት ኪስ ውስጥ አይገባም። በአክሲዮን ቢሆን በዚያው 4 ሚሊዮን፣ ለአንዱ 28 ብር ይደርሰዋል። ተማሪው ዝም አለ። ለጊዜው።

መልስ 8 እና 9

የጀልባው ሰው ተመለሰ። የኔንስ ማን ያየዋል አለ። እውነቱን ነው፤ ሁላችንም ዘለነው ነበር።

ቁጥሮቹን ጻፈ። የብድሩ ወለድ 18 በመቶ፣ በዓመት 72,000 ብር። የአጎቱ ልጅ 400,000 ካመጣ የትርፉን ግማሽ ይወስዳል። ጥሩ ዓመት ላይ 200,000 ያተርፋል፤ ባለፈው ዓመት ግን 90,000 ብቻ ነው ያገኘው።

እትዬ እንደኔው አስላችለት። ግማሹ 72,000 የሚሆን ትርፍ 144,000 ነው። በጥሩ ዓመት የአጎቱ ልጅ 100,000 ይወስዳል፤ ባንክ ይሻለዋል። ባለፈው ዓይነት ዓመት ግን የአጎቱ ልጅ 45,000 ብቻ ወስዶ ዝም ይላል፣ ባንኩ ግን 72,000ውን ሳይቀበል አይሄድም። አክሲዮን የለ፣ ቦርድ የለ፣ ሒሳቡ ግን የሎጂቱ ሒሳብ ነው።

መልስ 10

አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። ቀጥ አድርጎ ነው የመጣው። 19 ሚሊዮኑን ከየት አመጣኸው አለኝ። አዳዲሶቹ ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ካልተያዙ እንደማይመጣ ራሱ ሠርቶ አሳየ። መንገድ ሲዘጋ፣ በረራ ሲሰረዝ፣ እንግዳ ሲጠፋ እሱ ባዶ መዝገብ ይዞ የተቀመጠባቸውን ወራት ቆጠረልኝ። ግንባታው ራሱ ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ያ ጊዜ ክፍሉ ሳይከራይ ወለዱ ይቆጥራል አለ።

ተናድጄ ነበር። ከዚያ መዝገብ አገላበጥኩ። ካለፉት አምስት ዓመታት በሁለቱ ትርፋችን ከ5 ሚሊዮን በታች ነበር። የተሻለው ዓመት 11 ሚሊዮን ነው። እኔ ደግሞ 17.8ን በ1.2 ሚሊዮን ብቻ የሚያልፍ ግምት ይዤ ብድር ነው እያልኩ ነበር።

መልስ 11

የወጣቱን ነገር ወስጄ ሠንጠረዥ ሠራሁ። እዚህ በቃል ልንገራችሁ። 19 ሚሊዮን ከመጣ በብድር ለአንድ አክሲዮን 210 ብር፣ በአክሲዮን 203 ብር። የሰባት ብር ብልጫ። 10 ሚሊዮን ከመጣ ግን በብድር 52 ብር ከ50፣ በአክሲዮን 98 ብር። 45 ብር ከ50 ሳንቲም ወደ ኋላ።

ሰባት ብር ለማግኘት ነው 45 ብር የማስይዘው ብዬ ጻፍኩ። ብዙ አውራ ጣት አገኘሁበት።

ከ12 እስከ 16

ክሩ እዚህ ጠፋ። አንዱ ሎጂቱ ያለችበት ዳርቻ እምቦጭ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው እምቦጭ በነፋስ እንደሚዘዋወርና ዛሬ ንጹሕ ያዩት ዳርቻ ነገ ምንጣፍ ለብሶ እንደሚያድር አስረዳ። አንዷ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓባይ ድልድይ ማታ በመብራት ስላለው ውበት ጻፈች፤ ፎቶም ለጠፈች። ከዚያ የአሣ ዋጋ። የአሣ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜም ይጣላሉ።

መልስ 17

ወደ ነገሩ የመለሰን አንድ አስመጪ ነው። ለምን ትጨነቃላችሁ፣ አክሲዮን ነፃ ገንዘብ ነው አለ። ወለድ የለው፣ ቀነ ገደብ የለው፣ ትርፍ ከሌለ አትከፍሉም።

መልስ 18

እናቴ የምታውቃቸው አንድ ባለድርሻ ወይዘሮ ናቸው፤ በልጃቸው ስልክ ነው የጻፉት። ነፃ የሚለው ቃል አንገፍግፏቸዋል። ሎጂቱ ሣር ቤት ሳለች ወርቃቸውን ሸጠው የገቡ ሰው ናቸው። ነገ ዛሬ ትርፍ ሲመጣ ሲሶውን እንግዳ ሰው ሊወስድ፣ ይኼ ነው ነፃ አሉ። ደግሞ ከ40 ሺው አክሲዮን ድምፃቸው ወደ 60 ሺው ሊቀጥን መሆኑን ማንም አላነሳም ብለው ወቀሱን። የአንድ አክሲዮን ትርፍ ቁጥር ውስጥ ድምፅ የለም። ልክ ናቸው። ወይዘሮዋ ግን አንድ ነገር ቀላቅለዋል። 189 ብር የሚለውን በእጃቸው የሚገባ አድርገው ነው የያዙት። ይህ የተገኘ ትርፍ ነው፤ ጉባኤው ምን ያህሉ ይከፋፈል እንደሚል ሌላ ነገር ነው።

መልስ 19

እዚህ ነው ሙቀቱ የጨመረው። የአክሲዮን ሽያጭ የሞከረ አንድ ሰው 1,500 ብርን ተሳለቀበት። ጎረቤት ለጎረቤት በሚሸጥበት፣ ዳግም መሸጫ በሌለው ወረቀት ላይ 500 ብር ጭማሪ የሚከፍል ማነው አለ። እሱ ያለበት ማኅበር በተመሳሳይ ዋጋ አውጥቶ፣ ስምንት ወር ጠብቆ፣ ሩቡን እንኳን ሳይሸጥ እንደቀረ ተረከ። በመጨረሻ በመነሻ ዋጋው ነው የሄደው።

መልስ 20

ተማሪው ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥሩ ሥራ ይዞ መጣ። በ1,000 ብር ከተሸጠ 30,000 አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ ድምሩ 70,000። አዲሶቹ ከ70 እጅ 30 እጅ ይወስዳሉ። 5.4 በ70 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 12.6፤ አሮጌው ወለድ ሲደመርበት 14.2 ሚሊዮን። ነጥቡ ከ17.8 ወደ 14.2 ወረደ። በ19 ሚሊዮን ትርፍ አክሲዮን 174 ብር ብቻ ይሰጣል፤ ብድር ያው 210። ስለዚህ ብድር አሸነፈ ብሎ ጻፈ። ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ነበረው።

መልስ 21

እትዬ ቁጥሩን አጸደቀችለት። ያልወደደችው አሸነፈ የሚለውን ነው። ብድሩ አልተሻሻለም፤ ያው 5.4 ነው። የወረደው የአክሲዮኑ ዋጋ ነው። ርካሽ ስትሸጡ ለአዲሱ ሰው ብዙ እጅ ትሰጣላችሁ። ለዚህ ነው ቦርዱ ዋጋውን ሳይወስን ይኼ ስሌት ምንም የማይናገረው ብላ አሳሰበች። በ2,000 ብር የሚገዛ ቢገኝ ነጥቡ ከ21 ሚሊዮን በላይ ይወጣል።

አንድ ነገርም ጨመረች። አዲሱን አክሲዮን ነባሮቹ ራሳቸው በየድርሻቸው ከገዙት፣ ዋጋው 1,000 ይሁን 1,500 ማንም ከማንም አይወስድም። በንግድ ሕጉም የመግዛት ቅድሚያ የእነሱ ነው። ያን ጊዜ የአንድ አክሲዮን ትርፍ በወረቀት ላይ ይቀንሳል እንጂ የሰውየው ጠቅላላ ድርሻ ያው ነው። ወይዘሮዋ ይኼን ወደውታል፤ ግን ሌላ ወርቅ የለኝም ብለው ጻፉ።

መልስ 22

በብድር ክፍል የሠራ ሰው ነው። እስካሁን ያላችሁት ሁሉ ወለድ ወለድ ነው፣ ዋናውን ማን ይመልሳል አለ። ሁላችንም ረስተነው ነበር! 30 ሚሊዮኑ በአምስት ዓመት ከሆነ በየዓመቱ 6 ሚሊዮን፤ የአሮጌው ደግሞ 2 ሚሊዮን። 8 ሚሊዮን ብር ትርፍ ውስጥ አይታይም፣ ከካዝና ግን ይወጣል።

የሕንፃና የዕቃ እርጅና በዓመት ስንት ትይዛላችሁ አለኝ። ወደ 3 ሚሊዮን አልኩት። በወረቀት የሚቀነስ፣ ከካዝና የማይወጣ ስለሆነ ይደመርልናል። ወለድና ግብር ተነስቶ 5 ሚሊዮን የተጣራ ትርፍ ቢያንስ ያስፈልገናል ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲሠራ ከወለድና ግብር በፊት 14.1 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ከዚያ በታች በሆነ ዓመት የአንድ አክሲዮን ትርፍ ምንም ቢል፣ ወይ ባለድርሻ ያዋጣል ወይ ባንክ ይለመናል። ይኼን ቁጥር ከ17.8 በላይ ነው የፈራሁት። የተሻለው ዓመታችን 11 መሆኑን አትርሱ።

መልስ 23 እና 24

የጀልባው ሰው አንድ መስመር ጻፈ። የሱ ብድር በሦስት ዓመት እንደሚያልቅ፣ የአጎቱ ልጅ ግን እንደማያልቅ።

እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት። እትዬ ግን በዚህ ላይ ረጅሙን መልሷን ጻፈች። ዋናው በየዓመቱ ስለሚቀንስ ወለዱም ይቀንሳል። በሁለተኛው ዓመት የአዲሱ ብድር ወለድ 4.32 ሚሊዮን፣ የአሮጌው 1.28 ሚሊዮን ይሆናል። ያው ሲሶ ስሌት ሲሠራ ነጥቡ 14.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። በሦስተኛው ዓመት 10.7 አካባቢ። የአዲሶቹ ባለድርሻዎች ሲሶ ግን ሲሶ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ 17.8 የአንድ ዓመት ፎቶ እንጂ የሎጂቱ ዕድሜ አይደለም።

መልስ 25

የብድር ክፍሉ ሰው አልተስማማም። ነጥቡ የወረደው ዋናውን ከትርፋችሁ ስለከፈላችሁ ነው አለ። በአክሲዮኑ መንገድ ያ 6 ሚሊዮን በእጃችሁ ይቀር ነበር፤ ሌላ ሥራ ቢሠራ ትርፉንም ይጨምር ነበር። እሱን ዜሮ አድርጎ ነጥቡ ወረደ ማለት ማታለል ነው እስከማለት ደረሰ። እትዬ ማታለል የሚለውን ቃል እንዲያነሳ ጠየቀች። አላነሳም። ሁለቱም ያላቸው ነገር አለ። ያ የቀረ ገንዘብ ምን ይሠራበት ነበር የሚለው ካልታወቀ ክርክሩ አያልቅም፤ አላለቀምም።

መልስ 26

ወለድ የማይፈልግ አንድ ወንድማችን፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። አጭር መልስ አገኘ። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በተወሰነ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥላችሁ ከሆነ፣ ጭማሪው ቋሚ ስለሆነ በዚህ ስሌት ላይ የወለዱን ቦታ ይይዛል። ባንኩ በትርፍና ኪሳራ ሸሪክ ከሆነ ግን የአክሲዮኑን ቦታ። ሃይማኖቱን ለአዋቂዎቹ ትተነው አለፍን።

ከ27 እስከ 30

አንዱ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ መገደቡን አስታወሰ። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም፣ የተፈቀደለት ብድር ሳይለቀቅለት ግድግዳ አቁሞ ዝናብ የመታበት ሰው እንደሚያውቅ ጻፈ። ሌላው አክሲዮንን ከዘመድ አልፎ ለሕዝብ መሸጥ ከሆነ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ዘንድ መቅረብ እንዳለብን አስጠነቀቀ። በመካከል አንድ ሰው ያገለገለ የጀልባ ሞተር ማስታወቂያ ለጠፈ፤ አስተዳዳሪው አጠፋው።

መልስ 31

የኔ ነው። ይኼን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ መሃል መንገድ ያዝኩ። 15 ሚሊዮን ብድር፣ 15 ሚሊዮን አክሲዮን። 10,000 አዲስ አክሲዮን፣ ድምር 50,000፤ አዲስ ወለድ 2.7 ሚሊዮን። ነጥቡ ይወርዳል ብዬ ነበር። ከሙሉ አክሲዮኑ ጋር ሳወዳድረው 17.8 መጣ። ከሙሉ ብድሩ ጋር ሳወዳድረው ደግሞ 17.8። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። እንደገና ምን ረሳሁ ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 32

እትዬ የረሳኸው ነገር የለም ብላ ጀመረች። በ1,500 ብር ሽጠህ በ18 በመቶ እስከተበደርክ ድረስ፣ በየትኛውም መጠን ብትቀላቅለው ሁሉም መስመሮች 17.8 ላይ ይገናኛሉ። አንድ አዲስ አክሲዮን የሚያስቀርልህ ወለድ የ1,500 ብር 18 በመቶ፣ 270 ብር ነው። ከግብር በፊት ለአንድ አክሲዮን 270 ብር የሚደርስበት ትርፍ ላይ፣ አንዱን በሌላው ብትለውጥ ምንም አይጎድልም አይተርፍም። 270 ላይ 30 በመቶ ግብር ሲነሳ ያቺ 189 ናት።

እዚህ ላይ ሻዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሳምንቱን ሙሉ የተከተለችን 189 የሎጂቱን መልክ እንኳን አታውቅም። የአክሲዮኑ ዋጋ፣ የወለዱና የግብሩ መጣኔ ብቻ ናቸው የወለዷት። ለዚህ ነው የአክስቴ ልጅም እኔም አንድ ያመጣናት።

መቀላቀል የሚለውጠው የመስመሩን ቁልቁለት ነው አለች ቀጥላ። ትርፉ በ1 ሚሊዮን ከፍ ዝቅ ሲል በሙሉ ብድር ለአንድ አክሲዮን 17 ብር ከ50 ይወጣል ይወርዳል። በሙሉ አክሲዮን 11 ብር ከ67። በግማሽ በግማሽ 14 ብር። በ10 ሚሊዮን ትርፍ ግማሹ 79 ብር ከ80 ይሰጣል፤ በ4 ሚሊዮን 6 ብር ያከስራል። የምትመርጠው ነጥቡን አይደለም፣ ምን ያህል መውደቅ እንደምትችል ነው።

መልስ 33

ተማሪው፣ ይኼን በመመረቂያ ጽሑፌ ላስገባው ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ስለ ግብሩ ያለውን አላነሳውም። ከመልስ 7 በኋላ ያንን ርዕስ እንዳልተወለደ ነው ያደረገው።

መልስ 34

የጀልባው ሰው ነው። የአጎቱን ልጅ አስገብቷል። ግን ለሁልጊዜው አይደለም፤ በአራተኛው ዓመት ድርሻውን መልሶ ሊገዛው ተዋውለዋል፣ በስንት እንደሆነ ግን ገና አልተስማሙም። እትዬ እባክሽ በስንት ልበለው ብሎ ጠየቀ።

ይኼን ስጽፍ መልስ አላገኘም። የኛ ቦርድ ደግሞ ቅዳሜ ይሰበሰባል፤ የእንግዳ መቀበያውን ወጣት ባዶ ወራት ቆጥሮ እንዲያመጣልኝ ጠይቄዋለሁ።